አርብ ማታ ዝም ብዬ የገዛሁት የ30,000 ዶላር አክሲዮን

ይህን የምጽፈው በትንሽ ገንዘብ የአሜሪካ ኦፕሽን ለምትገዙ ነው። በተለይ ደግሞ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ደርሶ፣ ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ «ከእንግዲህ ምንም አያመጣም፣ ራሱ ይሙት» ብላችሁ ለምትተዉት። እኔ እንዲያ ብዬ ትቼ ነው አርብ ማታ የተኛሁት። ቅዳሜ ጠዋት አካውንቴን ስከፍት 200 አክሲዮን ገዝቼ፣ 26,600 ዶላር የብሮከሩ ዕዳ ተሸክሜ አገኘሁት። ማንም አላታለለኝም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም። ሁሉም ነገር የተደረገው በደንቡ መሠረት ነበር፤ ደንቡን ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው፤ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ነው የምተዳደረው። ከሥራ የተረፈችኝን እያጠራቀምኩ አካውንት ከፈትኩና አክሲዮን መግዛት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ወደ ኦፕሽን ገባሁ፣ ምክንያቱም በመቶ እና በሁለት መቶ ዶላር የትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ መከተል የሚቻለው በእሱ ነው። አካውንቱን ስከፍት ፎርሙ ላይ «ማርጂን» የሚለውን ምርጫ እሺ ብዬ አልፌ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ኦፕሽንን ለራሴ ያስረዳሁት በምናውቀው ነገር ነበር፤ በቀብድ። ኮል ማለት አንድን አክሲዮን እስከ አንድ ቀን ድረስ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። የተቆረጠው ዋጋ ስትራይክ ይባላል፣ ለመብቱ የሚከፈለው ደግሞ ፕሪሚየም፤ አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ይይዛል። ቤት ለመግዛት ቀብድ እንደማስያዝ ነው ብዬ አሰብኩ። ዋጋው ከተመቸህ ቀሪውን ከፍለህ ትገዛለህ፣ ካልተመቸህ ሳትመለስ ትቀራለህ፤ የምታጣው ቀብዱን ብቻ ነው። ይህ ንጽጽር እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ልክ ነው። መጨረሻው ቀን ላይ ግን ይገለበጣል። ቀብድ ያስያዘ ሰው ዝም ካለ መብቱን ያጣል፤ ኦፕሽን የያዘ ሰው ውሉ በሚያበቃበት ቀን ዝም ካለ ግን፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ከስትራይኩ በአንዲት ሳንቲም እንኳ ከበለጠ፣ ገዝቷል። እኔን ያስከፈለኝ ይህ ልዩነት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። አንድ በ147 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ አክሲዮን ላይ፣ ስትራይኩ 150 የሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አርብ ቀን የሚያበቃ ኮል ሁለት ኮንትራት ገዛሁ። ፕሪሚየሙ 1.20 ዶላር ነበር። ያ ለአንድ አክሲዮን የሚከፈል ስለሆነ፣ ለ200 አክሲዮን 240 ዶላር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ አካውንቴ ውስጥ 3,400 ዶላር ቀረኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ዕለት አክሲዮኑ 151.80 ደረሰ፤ የኔ ኮል 2.40 ይባል ነበር። መሸጥ ነበረብኝ፣ ገንዘቤ እጥፍ ሆኗል። «አርብ 155 ይገባል» ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ወደ 149 ወረደ። ሐሙስ ማታ ከብሮከሬ ኢሜይል መጥቶ ነበር፤ ርዕሱን አይቼ «የተለመደው ማሳሰቢያ ነው» ብዬ ሳልከፍተው አለፍኩ። በኋላ ሳነበው የደረሰብኝ ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ በአራት መስመር ተጽፎ ነበር።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ሰዓቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በኒውዮርክ ሰዓት ናቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ 3፡00 ላይ አክሲዮኑ 149.40 ነበር፤ የኔ ኮል ከስትራይኩ በታች ስለሆነ ለጊዜው ባዶ ወረቀት ነው። 3፡50 ላይ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ስልኬን አየሁ፤ 149.90 ደርሷል። ለኮሉ ገዢ የሚሰጠው ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር፣ ለሁለቱ ኮንትራት 20 ዶላር መሆኑ ነው። «በ240 የገዛሁትን በ20 ልሽጠው? ለኮሚሽን እንኳ አይበቃም» አልኩ። ኮሚሽኑ ለሁለቱ ከአንድ ዶላር ተኩል አይበልጥም ነበር፣ ግን ተናድጄ ስለነበር አላሰላሁትም። ተሳፋሪዬ መጣ፣ ስልኩን ዘግቼ ነዳሁ።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አክሲዮኑ ጨመረና 4፡00 ላይ ገበያው ሲዘጋ 150.22 ሆነ። 4፡20 ላይ ይህን ሳይ ደስ አለኝ። 22 ሳንቲም በ200 ሲባዛ 44 ዶላር ነው፣ ሰኞ አካውንቴ ውስጥ በጥሬው ይገባልኛል ብዬ አመንኩ። ለምን እንዲህ አሰብኩ? አንድ ቦታ «ልዩነቱ በገንዘብ ይከፈላል» የሚል አንብቤ ነበር። ያ እውነት የሚሆነው እንደ ኤስፒኤክስ ላሉ፣ በኢንዴክስ ላይ ለሚሸጡ ኦፕሽኖች ነው፤ ኢንዴክስ የብዙ አክሲዮኖችን ዋጋ የሚያሳይ ቁጥር እንጂ ሊረከቡት የሚችሉት ዕቃ ስላልሆነ በጥሬ ገንዘብ ይወራረዳሉ። የኩባንያ አክሲዮን ላይ ያለ ኦፕሽን፣ እንደ ኤስፒዋይ ያሉ ፈንዶች ላይ ያለውም ጭምር፣ የሚወራረደው በራሱ በአክሲዮኑ ነው። 44 ዶላር የሚባል ነገር የሚሰጠኝ አልነበረም። የሚጠብቀኝ 200 አክሲዮን በ150 ዶላር መረከብና 30,000 ዶላር መክፈል ነበር።

4፡40 ላይ ደግሞ ስለ ኩባንያው መጥፎ ዜና ወጣ። ከመዝጊያ በኋላ በሚደረገው ግብይት አክሲዮኑ ወደ 148 ወረደ። «እንኳን የኔ በ4፡00 ሰዓቱ ዋጋ ተቆጠረ» ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ያን ጊዜ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ሁሉም ነገር ይቀር ነበር። የብሮከሬ የመጨረሻ ሰዓት 5፡00 ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። እንዲህ ያለ ሰዓት መኖሩንም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቡና እያፈላች ስልኬን ከፈትኩ። ሁለቱ ኮሎች የሉም። በምትካቸው 200 አክሲዮን፣ የጥሬ ገንዘቡ መስመር ላይ ደግሞ የመቀነስ ምልክት ያለበት 26,600 ዶላር። ከሥሩ በቀይ የተጻፈ የማርጂን ጥሪ፦ ወደ 11,600 ዶላር አስገባ ይላል። አንድ ሰው አካውንቴ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፣ ከዚያ ለብሮከሩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። «ማንም አልገባም ጌታዬ፣ ኦፕሽንዎ ኢን ዘ መኒ ስለዘጋ በራሱ ኤክሰርሳይዝ ተደርጓል» አለችኝ፤ ዋጋው ከስትራይኩ በልጦ ስለዘጋ የመግዛት መብቴ ሥራ ላይ ውሏል ማለቷ ነው። እኔ አላዘዝኩም አልኳት። «እንዳይደረግም አላዘዙም» አለችኝ። እንዲሰረዝልኝ ለመንኳት። አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም ከኔ በኩል ኤክሰርሳይዝ ሲደረግ በሌላው በኩል ኮሉን የሸጠ ሰው 200 አክሲዮኑን በ150 አስረክቧል። የሌላ ሰው ንብረት የተላለፈበት ውል በኔ ልመና አይፈርስም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሒሳብ ሥራ ለብዙ ዓመት የቆዩ፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸውን አንድ ሰው ይዤ ቁጭ አልኩ። ነገሩን የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በየገበያው የሚሸጠው አክሲዮን ነክ ኦፕሽን ሁሉ በመጨረሻ የሚያልፈው በአንድ ድርጅት በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው፣ ቺካጎ ያለው ኦፕሽንስ ክሊሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኦሲሲ። ኦሲሲ ውሉ በሚያበቃበት ቀን ማታ እያንዳንዱን ኦፕሽን ከአክሲዮኑ የመዝጊያ ዋጋ ጋር ያስተያያል። በ1 ሳንቲምም ቢሆን ኢን ዘ መኒ ከሆነ፣ ማለትም ኮሉ ከአክሲዮኑ ዋጋ በታች ስትራይክ ካለው ወይም የመሸጥ መብት የሆነው ፑት ከአክሲዮኑ ዋጋ በላይ ስትራይክ ካለው፣ ብሮከሩ «ይሄን አታድርጉ» ብሎ ካላሳወቀ በቀር ኤክሰርሳይዝ ያደርገዋል። ደንቡ የተሠራው ለባለቤቱ ጥቅም ነው። አስቡት፤ 2,000 ዶላር የሚያወጣ ኦፕሽን የያዘ ሰው ታሞ ወይም ረስቶ ሳያዝ ቢቀር መብቱ እንዲሁ እንዳይጠፋበት። «ለትልቁ ሰው ጥላ ነው፣ ለትንሹ ሰው ግን የ30,000 ዶላር ትእዛዝ ነው» አሉኝ ጋሼ። ዝምታ የእሺታ ምልክት ነው የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ በቀጥታ ሕግ ሆኖ ይሠራል።

«ግን እኮ ገንዘብ የለኝም፣ እንዴት 30,000 ዶላር ያስከፍሉኛል?» አልኳቸው። ኦሲሲ የኔን አካውንት አያይም፤ የሚያየው ብሮከሩን ነው። ብሮከሩ ደግሞ ገንዘቡን ይከፍልና እኔን ዕዳ ያስይዘኛል፤ ማርጂን እሺ ያልኩት ለዚህ ሆነ። በማርጂን አክሲዮን ሲገዛ በመጀመሪያ ግማሹን ራስህ ማቅረብ አለብህ። የ30,000 ግማሽ 15,000 ነው፤ እኔ ያለኝ 3,400 ገደማ። ያ ነው 11,600ው።

ብዙ ብሮከሮች ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ እንዳይገባ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ አካውንቶችን ያያሉ፤ አክሲዮኑን ለመረከብ አቅም የሌለው ሰው ኢን ዘ መኒ ኦፕሽን ይዞ ካገኙት ገበያው ሳይዘጋ ይሸጡበታል። የኔ ብሮከርም ያደርገዋል። ታዲያ የኔን ለምን አልሸጠም? ይህን ጥያቄ ሰኞ ጠየቅሁ። መልሱ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። ምርመራው በሚደረግበት ሰዓት አክሲዮኑ 149.40 ነበር። ለማሽኑ የኔ ኮል አደጋ የለውም፤ ከስትራይኩ በታች ነው፣ ባዶ ሆኖ ይሞታል። ከስትራይኩ የተሻገረው ከምርመራው በኋላ ነው። ያ ያልከፈትኩት ኢሜይል ደግሞ «ልንሸጥልዎ እንችላለን፣ ግን ግዴታ የለብንም» ይላል።

እንግዲህ ትንሽ ኢን ዘ መኒ የያዘ ሰው ለምን እንደሚደነግጥ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ኦፕሽኑ 10 ዶላር ኢን ዘ መኒ ቢሆን ኖሮ 2,000 ዶላር ያወጣል፤ ማንም ሰው ተሳፋሪውን አቁሞ ይሸጠዋል። ብሮከሩም በጊዜ ያየዋል። ቢረሳ እንኳ 150 ላይ የተረከበው አክሲዮን 160 ያወጣልና፣ ሰኞ 4 ዶላር ቢወርድ አሁንም ትርፍ ውስጥ ነው። ስትራይኩ ጫፍ ላይ ያለ ኦፕሽን ግን ሦስቱም ይጎድሉታል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ባለቤቱ ይንቀዋል፤ ለማሽኑ አንዴ ባዶ አንዴ ሙሉ ስለሚመስል ያመልጠዋል፤ ሲረከቡት ደግሞ መከለያው 22 ሳንቲም ብቻ ነው። ቅዳሜንና እሑድን ተዘግቶ የሚያድር ገበያ በ22 ሳንቲም መከለያ አይታደርም። እስከ አርብ 4፡00 ድረስ ልከስር የምችለው ቢበዛ 240 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አክሲዮኑ በወረደ በእያንዳንዱ ዶላር 200 ዶላር ከሣሪ ሆንኩ።

ሌላም የተምታታብኝ ነገር ነበር። «ኢን ዘ መኒ ከሆነ አተረፍኩ ማለት ነው» ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። እኔ ስትራይኩ 150 ላይ 1.20 ከፍያለሁ፣ ስለዚህ የከፈልኩትን የማስመልሰው 151.20 ላይ ነው። በ150.22 ኮሉ ኢን ዘ መኒ ነው፣ እኔ ግን ለአንድ አክሲዮን 98 ሳንቲም ከሥሬያለሁ። ኦሲሲ ስንት እንደከፈልኩ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። የሚያየው ስትራይኩንና የመዝጊያውን ዋጋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከገበያው መከፈቻ በፊት አክሲዮኑ 146 ላይ ይነገድ ነበር። 9፡30 ላይ በ145.80 ከፈተ። እጄ መሸጫው ላይ ነበር፤ ግን «ትንሽ ቢመለስ» ብዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ይህን ስጠብቅ ያልገባኝ፣ እኔ ያንን አክሲዮን በዚያ ብዛት ልይዝ በምንም ዓይነት አስቤ አላውቅም ነበር። ያልመረጥኩትን ነገር ይዤ የዋጋ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ «ዛሬ ባይኖርህ በዚህ ዋጋ ትገዛዋለህ?» አለችኝ። አልገዛውም። በ145.60 ሸጥኩት። ከ150 የ4.40 ዶላር ልዩነት፣ በ200 ሲባዛ 880 ዶላር። ከፕሪሚየሙ 240 ጋር 1,120 ዶላር ሄደ። ለተበደርኩት ገንዘብ ጥቂት ዶላር ወለድም ተቆረጠብኝ። የማርጂን ጥሪው በሽያጩ ተዘጋ። 20 ዶላር ንቄ ነው ይህን ሁሉ የከፈልኩት።

እንዲህ ያለ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ ብሮከራችሁን ደውላችሁ ሰኞ በስንት ሰዓት ራሳቸው ሊሸጡባችሁ እንደሚችሉ ጠይቁ። የማርጂን ጥሪ ሲኖር ሳይጠይቋችሁ የመሸጥ መብት አላቸው፤ በእናንተ እጅ ቢሸጥ ይሻላል። ብሮከራችሁ ከመከፈቻ በፊት መሸጥ የሚፈቅድ ከሆነ ዝቅተኛውን ዋጋ ወስናችሁ በሊሚት ትእዛዝ ሽጡ፤ በዚያ ሰዓት ገዢ ጥቂት ስለሆነ ዋጋ ሳትወስኑ አትሽጡ። ገንዘብ ከዘመድ ተበድራችሁ አክሲዮኑን ለመያዝ አትሩጡ። እኔ ቅዳሜ ዕለት ለወንድሜ ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ደውዬለት ቢሆን 11,600 ዶላሩ ማስያዣ ይሆናል እንጂ ኪሳራውን አያቆመውም ነበር።

ዋናው ሥራ ግን ከአርብ 4፡00 በፊት ነው የሚሠራው። ያለ አንዳች ማመንታት የምነግራችሁ፣ አክሲዮኑን ልትረከቡ ካልፈለጋችሁ ኦፕሽኑን ሽጡት፣ 5 ሳንቲም ቢሰጣችሁም። የምትሸጡት ለ5 ሳንቲሙ ብላችሁ አይደለም፤ የ30,000 ዶላሩን ግዴታ ከላያችሁ ለማውረድ ነው። እኔ አሁን በሐሙስ እዘጋለሁ፤ አርብ ላይ ከቀረብኝ እስከ 3፡00 ድረስ። በመጨረሻው ሰዓት ስትራይኩ አጠገብ ያለ አክሲዮን በደቂቃዎች ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ 3፡50 ላይ «አይደርስም» ብሎ መወራረድ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ።

ገዢ ከጠፋ፣ ወይም ከዘጋ በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት፣ የሚቀራችሁ ስልክ ነው። ደውላችሁ «ዱ ኖት ኤክሰርሳይዝ» ማስመዝገብ እፈልጋለሁ በሏቸው፤ ይህ ቃል በየብሮከሩ የታወቀ ነው። ስትራይኩን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የኮንትራቱን ብዛት ንገሯቸው፣ መልሰው እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። በገበያዎቹ ደንብ ባለቤቱ የመጨረሻ ውሳኔውን መስጠት የሚችለው እስከ 5፡30 ነው፣ ብሮከሮች ግን ለራሳቸው ሥራ ጊዜ ስለሚፈልጉ ቀደም ያለ ሰዓት ያስቀምጣሉ፤ የኔው 5፡00 ነው፣ ከዚያ የሚቀድምም አለ። ይህን ሰዓት ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት። ትእዛዙ ለዚያ ውል ብቻ ነው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ የአሜሪካ ኦፕሽን የምትገዙ ደግሞ አስቡበት፤ የኒውዮርክ 4፡00 ሰዓት እናንተ ጋ ሌሊቱ የገፋበት ነው፣ መወሰኛው ሰዓት ተኝታችሁ ያልፋል።

ከ4፡00 እስከ መወሰኛው ሰዓት ያለችው ጊዜ ትልቅ ዋጋ ያላት ናት። ኦሲሲ የሚያየው የ4፡00ውን መዝጊያ ነው፤ በኋላ የመጣ ዜና ያንን አይለውጠውም። እናንተ ግን ዜናውን አይታችሁ መወሰን ትችላላችሁ። እኔ 4፡40 ላይ አክሲዮኑ ወደ 148 ወርዶ ሳይ፣ 148 የሚሸጥን ነገር በ150 እንዳልገዛ ማዘዝ እችል ነበር። የማጣው 240ዋን ብቻ ይሆን ነበር።

በዓመቱ የግብር ወረቀት ሲመጣ አንድ ጥያቄ ገጠመኝ፤ ለኦፕሽኑ የከፈልኩት 240 ዶላር ለብቻው ኪሳራ ተብሎ አልተጻፈም። ጠፍቶ አይደለም። ኮል ኤክሰርሳይዝ ሲደረግ ፕሪሚየሙ በአክሲዮኑ መግዣ ዋጋ ላይ ይደመራል። መግዣው 30,240፣ መሸጫው 29,120፣ ኪሳራው 1,120 ሆኖ በአንድ መስመር ተቀምጦ ነበር። ግብር የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ካላየ 240ውን ሁለት ጊዜ ሊቆጥረው ወይም ሊረሳው ይችላል።

ከወራት በኋላ አንድ አርብ፣ 4፡15 ላይ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደወለልኝ። እሱ የያዘው ፑት ነበር፤ ስትራይኩ 60፣ በ45 ዶላር የገዛው አንድ ኮንትራት። አክሲዮኑ 59.94 ላይ ዘግቷል። «6 ሳንቲም ኢን ዘ መኒ ነው፣ 6 ዶላር ይገባልኛል አይደል?» አለኝ። አክሲዮኑ አካውንትህ ውስጥ አለ ወይ አልኩት። የለም። ፑት የመሸጥ መብት ነው፤ አክሲዮኑ የሌለው ሰው ፑቱ ኤክሰርሳይዝ ሲደረግበት የሌለውን 100 አክሲዮን በ60 ሸጦ ባለዕዳ ይሆናል፣ ሾርት ይሉታል። አክሲዮኑ ወደ ላይ ከሄደ ኪሳራው ጣሪያ የለውም። ይህን እየነገርኩት እጁ ሲንቀጠቀጥ በድምፁ ይሰማኝ ነበር። አሁኑኑ ደውል አልኩት፤ የሚለውን ቃል በአማርኛ ፊደል በመልእክት ጻፍኩለት። 4፡35 ላይ መልሶ ደወለ። መዝግበውለታል፣ የማረጋገጫ ቁጥርም ሰጥተውታል።

ቅዳሜ ጠዋት የአካውንቱን ፎቶ ላከልኝ። ፑቱ የለም፣ በቦታውም የተተካ ነገር የለም። ሰኞ አክሲዮኑ በ63 ከፈተ።